«ይሄ ደህና ነው?» ብለሽ ለላክሽልኝ እህቴ

*«ጤና ይስጥልኝ። ባልና ሚስት ነን፣ ሁለት ልጆች አሉን፣ የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። እኔ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የምሠራው፣ ባለቤቴ ደግሞ የግል ድርጅት። ሁሌ ወር ሳይሞላ ገንዘቡ የት እንደገባ ስለሚጠፋኝ የቤታችንን ወጪ በኤክሴል ሠራሁት። ፋይሉን አያይዤዋለሁ። ባለቤቴ ገና አላየውም። እባክዎ አይተው ይንገሩኝ፣ ይሄ ደህና ነው?» — የሁለት ልጆች እናት*

እህቴ፣ ፋይልሽን ሦስት ቀን ተመላልሼ ከፈትኩት። በመጀመሪያው ቀን ድምሩን አየሁ። በሁለተኛው ቀን ወሩን ትቼ ዓመቱን ለማየት ሞከርኩ። በሦስተኛው ቀን ግን ቁጥሩን ትቼ ጥያቄሽን ሳሰላስል ነበር። «ደህና» ስትዪ ምን ማለትሽ ነው? ሒሳቡ ልክ ነው ወይ ማለትሽ ነው? ዓመቱን ያዘልቀናል ወይ? ወይስ ባለቤቴ ቢያየው ምን ይለኛል? ሦስቱም ጥያቄዎች ናቸው፤ የሦስቱም መልስ ግን ለየቅል ነው። የትኛውን እንደጠየቅሽኝ እርግጠኛ ስላልሆንኩ ሁሉንም በየተራ ልመልስልሽ።

ከቀላሉ ልጀምር። ድምሩ ልክ አይደለም።

ሠንጠረዥሽ ገቢ 42,000፣ ወጪ 37,900፣ ቀሪ 4,100 ይላል። እኔ ወጪውን አንድ በአንድ በካልኩሌተር ስደምረው 41,400 መጣ። ልዩነቱ 3,500 ነው። 3,500 ደግሞ የሠራተኛችሁ ደሞዝ ነው። ሌሎቹ መስመሮች ላይ ቁጥር ብቻ አስገብተሽ፣ እሷ ላይ ስትደርሺ «3,500 ብር» ብለሽ ጻፍሽ። ኤክሴል ከቁጥሩ ጎን «ብር» የሚል ቃል ሲያገኝ ሁሉንም እንደ ጽሑፍ ይይዘዋል። የድምር ቀመሩ ደግሞ ጽሑፍን ዘሎ ያልፋል። ስህተት አለ ብሎ አይነግርሽም፣ ቀይ ምልክትም አያወጣም። ዝም ብሎ የቀሩትን ዘጠኙን ይደምርልሻል።

እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ በዓይን ይያዛል። ቁጥር በሴሉ ውስጥ ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ ወደ ግራ። አንቺ ግን ሠንጠረዡ እንዲያምር ዓምዱን በሙሉ መሃል ላይ አሰልፈሽዋል። ያኔ ምልክቱ ጠፋ። ለወደፊቱ ከድምሩ ሥር ባሉት ባዶ ሴሎች እነዚህን ሁለት ቀመሮች ጻፊ፦

```
=COUNT(B8:B17)
=COUNTA(B8:B17)
```

የመጀመሪያው ቁጥር የሆኑትን ብቻ ይቆጥራል። ሁለተኛው ባዶ ያልሆነውን ሁሉ ይቆጥራል። በአንቺ ፋይል አንዱ 9፣ ሌላው 10 ይላል። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ አንድ መስመር ሳይደመር ቀርቷል ማለት ነው። መፍትሔው «ብር» የሚለውን አጥፍቶ 3500 ብቻ መጻፍ ነው። «ብር» መታየት አለበት ካልሽ Format Cells ውስጥ Custom የሚለውን መርጠሽ `#,##0 "ብር"` ብለሽ ጻፊ። እንዲህ ካደረግሽው ቃሉ ይታያል፣ ቁጥሩም ቁጥር እንደሆነ ይቀራል።

ስለዚህ በየወሩ የሚተርፋችሁ 4,100 ሳይሆን 600 ብር ነው። ገንዘቡ የት እንደገባ ጠፋኝ ያልሽው፣ አንዱ መልሱ እዚህ አለ። አንቺ በልብሽ 4,100 ይዘሽ ትጠብቂያለሽ፤ የቤቱ ሒሳብ ደግሞ 600 ነው።

እዚሁ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ኪራይ 12,000፣ አስቤዛ 9,000፣ ትምህርት ቤት 5,000፣ ልዩ ልዩ 2,500 ብለሻል። ሁሉም ክብ ክብ ቁጥሮች ናቸው። ኪራይና ትምህርት ቤት ክብ ቢሆኑ አይገርምም፣ ውል ናቸው። አስቤዛ ግን በየወሩ ልክ 9,000 ላይ አይቆምም። እንዲህ ያለ ቁጥር ሳይ «ይሄ የወጣ ገንዘብ ነው ወይስ እንዲወጣ የተመኘችው?» እላለሁ። ምኞት መጻፍ ክፉ ነገር አይደለም፣ በጀት ማለት እሱ ነው። ችግሩ ዕቅድና የወጣው ገንዘብ በአንድ ዓምድ ሲቀላቀሉ ነው። አጠገቡ ሌላ ዓምድ ክፈቺና «የወጣው» በዪው። የመብራቱንና የስልኩን ከባንክሽና ከቴሌብር ታሪክ ታገኚዋለሽ። አስቤዛው ላይ ነው ሥራ የሚኖርሽ። የጉሊቷ ሽንኩርት፣ የሱቁ ዳቦ፣ ወተቱ፣ ሁሉም በጥሬ ገንዘብ ነው የሚወጣው፣ ደረሰኝም የለውም። ወሩን ሙሉ መዝግቢ ብልሽ ትሰለቺያለሽ። አንድ ሳምንት ብቻ፣ ማታ ማታ ስልክሽ ላይ ጻፊው። ጤፉን በየስንት ጊዜው እንደምትገዙም አስታውሺ። በኩንታል ወይም በግማሽ ኩንታል የምትገዙ ከሆነ የአንዱ ወር አስቤዛ ከሌላው በእጥፍ ሊበልጥ ይችላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልሂድ። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ይሄኛው ነው።

ፋይልሽ ሁለተኛ ገጽ አለው። ስሙን «በዓል» ብለሽዋል። ከላይ «ምክንያት» እና «ብር» ብለሽ ጽፈሻል። ከዚያ በታች ባዶ ነው። ይህን ገጽ ስከፍት ምን እንደሆንሽ የገባኝ መሰለኝ። ልትሞዪው ተቀምጠሽ፣ የመጀመሪያውን መስመር አስበሽ፣ ከበደሽና ዘጋሽው። የወሩ ሠንጠረዥ ደህና መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ግን ይሄ ባዶ ገጽ ነው።

ያንቺ ደሞዝ በእኛ ወር ነው የሚከፈለው። በዓመት 12 ጊዜ ነው። ጳጉሜ ደሞዝ የላትም። ከነሐሴ ደሞዝ እስከ መስከረም ደሞዝ 35 ቀን ነው፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 36። ልጆቹ በጳጉሜም ይበላሉ። አስቤዛሽን ለ30 ቀን ብናካፍለው በቀን 300 ብር ነው፤ አምስቱ ቀን 1,500 ብር ይበላል። ይሄ ትንሽ ነው። ከበድ የሚለው ከዚህ ረጅም ወር ጋር አብረው የሚመጡት ናቸው። እንቁጣጣሽ አለ፣ መስቀል አለ፣ የልጆቹ መመዝገቢያ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተርና ጫማ አለ። ሁሉም በሦስት ሳምንት ውስጥ ይደርሳሉ።

አንቺ ቁጥሩን ስላልጻፍሽው እኔ ግምት አስቀምጬ ልሥራው፣ በራስሽ ትተኪዋለሽ። ለእንቁጣጣሽ 6,000፣ ለትምህርት ቤት መክፈቻ 9,000፣ ለገና 4,000፣ ለፋሲካ 5,000 እንበል። ድምሩ 24,000 ነው። በርበሬ የምታስፈጪ ከሆነ እሱን ገና አልጨመርኩም። ለቅሶና ሠርግም እንዲሁ። 24,000ን ለ12 ወር ብናካፍለው በወር 2,000 ይሆናል። እናንተ የምታተርፉት 600 ነው። እዚህ ላይ ብንቆም መልሴ «ደህና አይደለም» ነበር።

ግን እዚህ ላይ መቆም ልክ አይሆንም። እቁብ አላችሁ።

«እቁብ (12 ሰው)» ብለሽ 4,000 ብር ወጪ ውስጥ አስገብተሻል። ከኪስ ስለሚወጣ ወጪ ይመስላል። እንደ አስቤዛ ግን ተበልቶ አያልቅም። በ12 ወር 48,000 ታስገቢና በአንድ ቀን 48,000 ትወስጃለሽ። ሠንጠረዥሽ የምትሰጪውን ጽፎ የምትወስጂውን አልጻፈም። ገቢ ላይ ቦታ የለውም። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ከዚያ እቁቡ ሲወጣ ገንዘቡ ከሰማይ እንደወረደ ይቆጠርና ያልታሰበ ዕቃ ይገዛበታል።

ዓመቱን በሙሉ አንድ ላይ እናስበው። በወር 600 ለ12 ወር 7,200 ነው። እቁቡ 48,000 ይጨመራል። ከዚህ ላይ በዓላቱና ትምህርት ቤቱ 24,000፣ የጳጉሜ 1,500 ይቀነሳል። 29,700 ብር ይተርፋል። ስለዚህ ቤታችሁ በዓመት ሲታይ እየሰመጠ አይደለም። ይህን በደስታ ነው የምነግርሽ።

ዓመቱ ግን በአንድ ቀን አይመጣም። ከሐምሌ 1 በባዶ እጅ ጀምረን ወር በወር ብንሄድ መስከረም ማለቂያ ላይ 14,700 ብር ይጎድላችኋል። እቁቡ ጥቅምት ላይ ከወጣላችሁ ጉድለቱ ይሸፈናል፣ ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ አትበደሩም። እስከ ሰኔ ካልወጣ ግን ገና ይመጣል፣ ፋሲካ ይመጣል፣ ሚያዝያ ላይ ጉድለቱ 19,500 ይደርሳል። ሰኔ ላይ እቁቡ ሲወጣ ያው 29,700 ላይ ትደርሳላችሁ። መድረሻው አንድ ነው። በመሃሉ ግን አንዱ መንገድ ብድርና ጭቅጭቅ አለበት። ምናልባት ለዓመታት ሲያስጨንቅሽ የቆየው ይሄ ልዩነት ይሆናል፤ ደሞዛችሁ አንሶ ሳይሆን የሚመጣበትና የሚወጣበት ጊዜ ስላልገጠመ።

ይህን በራስሽ ቁጥር ለማየት ያን ባዶ ገጽ ተጠቀሚበት። ከላይ ወሮቹን ከሐምሌ ጀምረሽ በስማቸው ጻፊ። ጳጉሜን እንደ ወር ቆጥረሽ የራሷን ዓምድ ስጫት። ኤክሴል ቀን የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ጳጉሜን አያውቃትም፣ ስለዚህ ስሟን እንደ ጽሑፍ ጻፊው። 2ኛው መስመር ገቢ፣ 3ኛው መደበኛ ወጪ፣ 4ኛው በዓልና ትምህርት ቤት፣ 5ኛው የምትወስጂው እቁብ፣ 6ኛው ቀሪ ይሁን። ሐምሌ B ላይ ከሆነ B6 ላይ `=B2-B3-B4+B5` ብለሽ ጻፊ። የነሐሴ ቀሪ፣ ማለትም C6፣ ደግሞ እንዲህ ይሠራል፦

```
=B6+C2-C3-C4+C5
```

ያለፈው ወር ቀሪ ወደዚህኛው ይሻገራል ማለት ነው። ወደ ቀኝ ጎትተሽ ቅጂው። ከዚያ 6ኛውን መስመር ብቻ ተመልከቺ፣ ከዜሮ በታች የሚወርደው በየትኛው ወር ነው? ፈተናው ይሄ ነው። ከዚያ የእቁቡን 48,000 ከአንድ ወር ወደ ሌላ እያዛወርሽ ሞክሪው። ዕጣው አስቀድሞ የወጣ እቁብ ከሆነ ተራሽን ታውቂዋለሽ። በየወሩ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ከዳኛው ጋር ተነጋገሪ። ለነሐሴ ወይም ለመስከረም ቅድሚያ መጠየቅ፣ ወይም ተራ መለዋወጥ በብዙ እቁብ የተለመደ ነው። ዋስሽን ብቻ አዘጋጂ። እሺ ካላሉሽ የ15,000ውን ሸክም ከሚያዝያ ጀምሮ ጥቂት በጥቂት ማስቀመጥ ይኖርባችኋል፤ ያን ጊዜ 600 እንደማይበቃ ራሱ ሠንጠረዡ ያሳይሻል። ያኔ ከየትኛው መስመር እንደምትቀንሱ የምትወስኑት ሁለታችሁ ናችሁ።

ሁለታችሁ ስል ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ደረስኩ።

ገቢው ላይ «የሱ» 26,000፣ «የኔ» 16,000 ብለሻል። ወጪው ግን ስም የለውም፣ የሁላችሁም ነው። አንድ መስመር ብቻ ቢጫ ቀለም ተቀብቷል። «ልዩ ልዩ» የሚለው ነው፣ 2,500። ቀለሙን ለምን እንደቀባሽው አላውቅም፣ እንዳውቅም መብት የለኝም። ግን በስንት ዓመት ውስጥ የተላኩልኝን የቤት ሒሳቦች ሳይ፣ «ልዩ ልዩ» ውስጥ ብዙ ጊዜ ሰው አለ። ለእናት የሚላክ፣ ለታናሽ ወንድም የሚሰጥ፣ ለአክስት መድኃኒት የሚውል። በየወሩ ልክ አንድ ዓይነት መጠን ከሆነማ ልዩ ልዩ አይባልም። ልዩ ልዩ ይዋዥቃል፤ አንዱን ወር 700፣ ሌላውን 3,000 ይሆናል።

እንዲያ ከሆነ የጠየቅሽኝ ነገር ሌላ ነው። «ለቤተሰቤ ይህን ያህል ማውጣቴ ደህና ነው?» ማለትሽ ይሆናል። ወይም «ባለቤቴ ሲያይ ደህና ይሆናል?» ይህን ኤክሴል አይመልሰውም። እኔም አልመልሰውም። ከአሜሪካ መጥቶ በየቲክቶኩ የሚዞረው፣ ከገቢሽ 50 በመቶውን ለግድ ወጪ፣ 30ውን ለፍላጎት፣ 20ውን ለቁጠባ አድርጊ የሚለው ክፍፍልም አይመልሰውም። በሱ ዝርዝር ውስጥ ወላጅን መጦር የራሱ ቦታ የለውም፤ ብዙ ጊዜ «ፍላጎት» በሚባለው ውስጥ ከመዝናኛው ጎን ይወድቃል። ለእናትሽ የምትልኪው እዚያ የሚውል ነገር አይደለም። እንዲያውም የእናንተ ኪራይና አስቤዛ ብቻቸውን 21,000 ናቸው፣ የገቢያችሁ ልክ ግማሽ። በዚያ ሕግ ብትለኪ መብራት ሳትከፍዪ ወድቀሻል። ራስሽን በሱ አታስጨንቂ።

ከራሴ አንድ ነገር ልንገርሽ። ያኔ ኤክሴል አልነበረም፣ ደብተር ነበር። አንድ ማታ ደብተሩን ለባለቤቴ ሰጥቼ «እስቲ እየው፣ ደህና ነው?» አልኩት። እርሳስ ይዞ ደመረ። «ልክ ነው፣ አንድ ብር አልተሳሳትሽም» ብሎ መለሰልኝ። ደስ ብሎት ነበር፣ አመሰገነኝም። እኔ ግን ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የፈለግኩት ሥራዬን ለስድስት ወር ትቼ የታመመች እናቴ ጋር መሄድ እችል እንደሆነ ነበር። በደብተሩ ውስጥ የትም አልጻፍኩትም። እሱ የጠየቅኩትን መለሰልኝ፤ የፈለግኩትን እንዴት ይወቀው? ከሁለት ወር በኋላ ነው አፍ አውጥቼ የነገርኩት። ያን ጊዜ ሒሳቡን እንደገና አብረን ሠራነው፣ ሌላ ሒሳብ ሆነ። ግማሹን መስመር የቀነሰው እሱ ነው።

ስለዚህ ፋይሉን ለእሱ ከማሳየትሽ በፊት ለብቻሽ ይህን ጠይቂ። «ደህና አይደለም» ብልሽ ምን ታደርጊ ነበር? መጀመሪያ የመጣልሽ «ቀመሩን አስተካክላለሁ» ከሆነ የጠየቅሽው ስለ ድምሩ ነው፣ መልሱን አግኝተሻል። «የመስከረምን ገንዘብ ከየት አመጣለሁ» ከሆነ ስለ ዓመቱ ነው። «ለእናቴ መላኩን ላቆም ነው?» የሚል ድንጋጤ ከመጣ ግን ጥያቄሽ 17ኛው መስመር፣ «ልዩ ልዩ» ላይ ነው ያለው። እንዲያ ከሆነ መስመሩን በስሙ ጥሪው። «ለእማማ 2,000፣ ልዩ ልዩ 500» ብለሽ ለሁለት ክፈይው፣ ቢጫውንም አንሺው። ደሞዝ የሚያመጣ ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ የተደበቀ ነገር ሲያገኝ ከገንዘቡ ይልቅ መደበቁ ነው የሚያመው። በእሱም በኩል ለቤተሰቡ የሚሰጠው ሊኖር ይችላል፣ ሠንጠረዥሽ ውስጥ ግን አላየሁትም። ምናልባት ካንቺ እጅ ስለማይወጣ ሳታውቂው ቀርቶ ይሆናል። ለእሱም አንድ ባዶ መስመር አስቀምጪለት።

ስታሳዪውም ያለቀ ሥራ አድርገሽ አትስጪው። ያለቀ ነገር ሲሰጠው ሰው ወይ ያጸድቃል፣ ወይ ስህተት ይፈልጋል። የወሩን ገጽ አስተካክለሽ፣ የዓመቱን ገጽ ግን ወሮቹን ብቻ ጽፈሽ ባዶውን ተዪው። ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹ ሲተኙ ወይም ሲጫወቱ፣ ቡና አፍልተሽ አጠገቡ ተቀመጪ። አምና ለእንቁጣጣሽ ስንት እንዳወጣችሁ እሱን ጠይቂው። በግና ዶሮ የሚገዛው እሱ ከሆነ ካንቺ በላይ ያስታውሰዋል። ቁጥሩን እሱ ይንገርሽ፣ አንቺ ጻፊ።

ከዚያ የእቁቡ ተራ መቼ እንደሆነና 6ኛው መስመር በየትኛው ወር ከዜሮ በታች እንደወረደ ጽፈሽ ፋይሉን መልሰሽ ላኪልኝ። ከላይ A1 ላይ ደግሞ ምን ማወቅ እንደምትፈልጊ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስፍሪልኝ። መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው።